ለባለሱቆች የግማሽ ቀን የጊዜ አያያዝ ስልጠና፦ ረቂቄን እዩልኝ

የስልጠናው ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15)

ሰላም የድሬ ልጆች። የምሠራበት የቁጠባና ብድር ማኅበር ለአባላቱ የጊዜ አያያዝ ስልጠና እንድሰጥ አዞኛል። ሠልጣኞቹ 20 ናቸው። አብዛኞቹ ሳቢያን፣ መጋላና ለገሃሬ ትንንሽ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሦስቱ ልብስ ሰፊ፣ ሁለቱ ደግሞ ቀፊራ አትክልት የሚሸጡ ናቸው። የተሰጠኝ ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ትውውቅ። ከዚያ እስከ 4:00 ድረስ ሥራን በአስቸኳይና በአስፈላጊ መለየት፣ ያው አራት ሳጥን ሠሌዳ ላይ ሥዬ። ከሻይ በኋላ በየሰዓቱ የተከፋፈለ የቀን ዕቅድ ማውጣት። መጨረሻ ላይ ጊዜ ለሚያባክኑ ሰዎች እምቢ ማለትን መለማመድ።

ጽፌ ስጨርስ ግን ደስ አላለኝም። ለቢሮ ሰው የተሠራ ይመስላል። ሱቅ ያላችሁ ወይም እንዲህ ዓይነት ስልጠና ላይ የተቀመጣችሁ አስተያየት ስጡኝ። አትራሩልኝ።

---

ባጃጅ 3 (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31)

አበል አለው?

---

የስልጠናው ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:33)

ሻይና ሳምቡሳ አለው።

---

እናት ሱቅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05)

ልጄ፣ አትራሩልኝ ስላልክ ልናገር። ሳቢያን ሱቅ ከከፈትኩ 19 ዓመቴ ነው። አራቱን ሳጥን ተወው። አንድ ልጅ "የሁለት ብር ክብሪት" ብሎ ባንኮኒዬን ሲደበድብ የትኛው ሳጥን ውስጥ ነው የማስገባው? አስቸኳይ ነው? ለእሱ አዎ። እናቱ ምድጃ ላይ ድስት ጥዳ እየጠበቀችው ነው።

በየሰዓቱ ማቀድም ለእኛ አይሆንም። ቢሮ ያለ ሰው በሩን ዘግቶ ይሠራል። ባለሱቅ በሩን ከዘጋ ሥራ የለውም። ከ3 እስከ 4 ሂሳብ እሠራለሁ ብዬ ብጽፍ ልክ በ3 ሰዓት ሦስት ሰው ይመጣል። በ3:20 ደግሞ ማንም የለም። ቀኔን የሚያቅደው ደንበኛው ነው።

"እምቢ ማለት" የምትለውንማ ለማን ልበል? ለደንበኛዬ?

የእኔን ጊዜ የሚበላው ምን እንደሆነ ልንገርህ። መውጣትና መግባት ነው። ባለፈው ሐሙስ ስኳር አለቀ። ልጄን ባንኮኒ ላይ አቁሜ በባጃጅ ወደ ጅምላ ሄድኩ። ተመልሼ ዕቃውን ሳራግፍ "ማሚ፣ ሳሙናም አልቋል፣ ሁለት ሰው ጠይቆ ሄደ" አለችኝ። ሳሙናው እኮ ከስኳሩ ጋር አንድ ቤት ነው የሚሸጠው! እንደገና ሄድኩ። ከሰዓት ደግሞ የእጅ ስልክ ካርድ። ስልጠናህ ይህን ካልነካ ሳምቡሳውን በልተን እንመጣለን።

---

የስልጠናው ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20)

ይኼውላችሁ፣ የፈለግኩት ይህን ነበር። እናት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወጡ ያውቃሉ?

---

እናት ሱቅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:24)

ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ወይ ሦስት። ቆጥሬው አላውቅም።

---

ካልኩሌተር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50)

ችግሩ ቀላል ነው። ሰው ጊዜውን ስለማይመዘግብ ነው። ከስልጠናው በፊት ለሁሉም አንድ አንድ ወረቀት ስጣቸው። ቀኑ በ15 ደቂቃ የተከፋፈለ ይሁን። ሦስት ቀን ይሙሉና ይዘው ይምጡ። ከዚያ ደምረህ ታሳያቸዋለህ። ቁጥር አይዋሽም።

---

ሐረር በር (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:12)

ካልኩሌተር፣ ቁጥር አይዋሽም፤ ወረቀት ግን ይዋሻል። እኔ ጀጎል ውስጥ ላሉ ባለሱቆች እንዲህ ያለ ስልጠና ሰጥቼ አውቃለሁ። ልክ አንተ እንዳልከው ባለ 15 ደቂቃ ወረቀት አደልኩ። 26ቱ ሞልተው መጡ። ደስ አለኝ። አንዱን አነሳሁ፣ ሦስቱም ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ያለ አንዲት ስርዝ ተሞልቷል። ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ልክ በሰዓቱ ነው። 2:00፣ 3:00፣ 4:00። ሱቅ ውስጥ ምን ነገር ነው ልክ በሰዓቱ የሚጀምረው? ስጠይቃቸው ሳቁ። አብዛኞቹ ማታ፣ በስልጠናው ዋዜማ ነው የሞሉት።

በየ15 ደቂቃው እስክሪብቶ ማንሳት ራሱ ሌላ ሥራ ነው። እጇ ዱቄት የነካ ሰው አትጽፍም። ደግሞም ከመካከላቸው መጻፍ የማይቀናቸው አሉ፣ ይህን ግን ሰው ፊት አይናገሩም።

ከዚያ በኋላ ጊዜ ማስለካት ትቼ ነገር ማስቆጠር ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ባለሱቅ አንድ ባዶ የወተት ቆርቆሮና አንድ እፍኝ ቦሎቄ። ሱቁን ለዕቃ ጥለህ በወጣህ ቁጥር አንድ ፍሬ ትጥላለህ። በቃ። ምን ያህል እንደቆየህ አትጽፍም። አንዱን ጉዞ ብቻ ከመውጣት እስከ አራግፎ መጨረስ በስልክህ ሰዓት ትለካለህ። ቀሪው ማባዛት ነው።

---

እናት ሱቅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20)

ይህ ሰው ያውቃል። ከነገ ጀምሬ እቆጥራለሁ።

---

ባጃጅ 3 (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:26)

አቦ ቆይ፣ ሱቅ በስንት ሰዓት መዘጋት አለበት የሚል መመሪያ ወጣ እንዴ? ርዕሱን አይቼ ነው የገባሁት። ጎረቤቴ ማታ 4 ሰዓት ሲዘጋ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ ብሎ ነበር።

---

የስልጠናው ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30)

አይ ወንድሜ፣ ይኼ ስለ ስልጠና ነው። ስለ መዝጊያ ሰዓቱ ወረዳችሁን ጠይቅ።

---

መርፌና ክር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10)

እኔ መጋላ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእናንተ ችግር የእኔ ለየት ይላል። ዕቃ ልግዛ ብዬ ብዙ አልወጣም። የእኔ በሽታ "ነገ ና" ነው። ሰው ጨርቅ ያመጣል፣ "መቼ ይደርሳል?" ይላል፣ "ሐሙስ" እላለሁ። ለምን ሐሙስ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ሐሙስ ሲመጣ ስምንት ሰው ይመጣል። አራቱ ተቆጥተው ይመለሳሉ። እነሱን ለማባበል የማጠፋው ጊዜ አንድ ሱሪ ያሰፋል።

ቦሎቄው ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

---

ሐረር በር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:45)

ለአንተ ሌላ ነገር ነው የሚቆጠረው። ባዶ እጁን የተመለሰ ደንበኛ። በተመለሰ ቁጥር አንድ ፍሬ።

መድኃኒቱም ይለያል። ግድግዳህ ላይ ስድስት ሚስማር ምታ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። በቀን ስንት ልብስ በእርግጥ እንደምትጨርስ አንተ ታውቃለህ። አራት ነው እንበል። በእያንዳንዱ ሚስማር ከሦስት በላይ ጨርቅ አትሰቅልም። አራተኛው ቦታ መብራት ለሚጠፋበትና መርፌ ለሚሰበርበት ነው። ሰው ሲመጣ ግድግዳውን አይተህ ባዶ ቦታ ያለበትን ቀን ትነግረዋለህ። ደንበኛውም በዓይኑ ስለሚያየው ብዙ አይከራከርህም።

---

መርፌና ክር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:02)

የዒድ ሰሞንስ? ሦስት ጨርቅ ብቻ ብዬ ልመልሳቸው?

---

ሐረር በር (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:15)

የዒድ ሰሞን እኔም መልስ የለኝም። ሚስማሩ በአዘቦት ቀን ነው የሚሠራው።

---

እናት ሱቅ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:30)

ቆጥሬ ጨረስኩ። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ። አትሳቁብኝ። 11 ፍሬ።

ሁለት ወይ ሦስት ነው ብዬ የነበርኩት እኔ፣ ረቡዕ ብቻ አምስት ጊዜ ወጥቻለሁ። ልጄ ናት ያስታወሰችኝ፣ እኔማ ሁለቱን ሳልጥል ረስቼ ነበር። አንዱን ጉዞ ለካሁት። በሩ ላይ ባጃጅ ከያዝኩበት ስኳሩን አራግፌ ባንኮኒ ጀርባ እስከቆምኩበት 35 ደቂቃ። ያውም ጅምላ ቤቱ ሰው አልነበረም።

---

ካልኩሌተር (ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:41)

11 በ35፣ 385 ደቂቃ። 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ። ሱቅዎ በቀን ስንት ሰዓት ክፍት ነው?

---

እናት ሱቅ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:44)

ጠዋት ከ1:30 እስከ 6:30። ከሙቀቱ በኋላ ከ10 እስከ ምሽት 3።

---

ካልኩሌተር (ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:47)

በቀን 10፣ በሦስት ቀን 30 ሰዓት። ስለዚህ ከአምስት ሰዓት አንዱ ከሱቅ ውጭ ነው ያለፈው። ይህን ሁሉ ማዳን ይቻላል ማለት ነው!

---

እናት ሱቅ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:05)

ቀስ በል ካልኩሌተር። ሁሉን ማዳን አይቻልም። ለምን እንደወጣሁ አንድ በአንድ አስታውሼ ከልጄ ጋር አወጣነው። ለአራቱ የወጣሁት ገንዘብ ስላልነበረኝ ነው። ጠዋት ግማሽ ኩንታል ስኳር የምገዛበት ብር አልነበረኝም፣ 10 ኪሎ ገዛሁ፣ ሸጥኩ፣ በሽያጩ ደግሞ ሌላ 10 ኪሎ ገዛሁ። ይህ የጊዜ ችግር አይደለም ልጄ፣ የኪስ ችግር ነው። አሠልጣኙ መጥቶ "አስቀድመሽ አቅጂ" ቢለኝ ልቆጣ እችላለሁ።

ሁለቱ ደግሞ ሱቄ ውስጥ የሌለ ነገር ደንበኛ ጠይቆ ላምጣልህ ብዬ የሄድኩት ነው። ይሉኝታ ነው።

አምስቱ ግን እውነት የእኔ ጥፋት ነው። ዕቃው እያለቀ መሆኑን ሳላይ ያለቀብኝ። ብር ነበረኝ፣ አላየሁም።

---

ሐረር በር (ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:18)

እናት፣ ይህን እኔም እስካሁን አለየሁትም ነበር። ሁሉንም ፍሬ በአንድ ቆርቆሮ ነው የማስጥላቸው። ሁለት ቀለም ቢሆን ይሻላል ማለት ነው። ነጭ ቦሎቄ ለረሳሁት፣ ቀይ ቦሎቄ ለገንዘብ። ስልጠናው ላይ ቀዩ የበዛበትን ሰው በማያገባው ትምህርት አታደክመውም።

ካልኩሌተር፣ አምስቱን ብቻ አባዛው።

---

ካልኩሌተር (ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:20)

175 ደቂቃ። በሦስት ቀን ወደ 3 ሰዓት ገደማ፣ በቀን 1 ሰዓት ማለት ነው። እሺ፣ ተቸኩያለሁ።

---

የስልጠናው ልጅ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:00)

ሌሊቱን ረቂቁን ቀደድኩት። አዲሱ እንዲህ ሆኗል።

ከስልጠናው በፊት ሦስት ቀን፦ ቆርቆሮና ሁለት ቀለም ቦሎቄ ሱቃቸው ድረስ ወስጄ እሰጣለሁ። በስልክ አልነግርም፣ ሄጄ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ እመጣለሁ።

የመጀመሪያው 45 ደቂቃ ቆርቆሮ መገልበጥ ነው። ማንም ራሱን አያስተዋውቅም፣ ፍሬውን ቆጥሮ ያስተዋውቃል። እያንዳንዱ የለካውን ደቂቃ ያባዛል። ቀይ የበዛባቸው በአንድ ጠረጴዛ፣ ነጭ የበዛባቸው በሌላ። የአትክልቶቹንና የልብስ ሰፊዎቹን ለብቻ አስቀምጣለሁ።

ቀጥሎ 1 ሰዓት ተኩል ለነጮቹ። የሚያልቀውን ዕቃ ከማለቁ በፊት ማየት። መደርደሪያው ላይ ቀይ ክር እናስራለን። እዚህ ላይ ነው ምክር የምፈልገው። ክሩ ስንት ዕቃ ሲቀር ይታሰር?

---

ካልኩሌተር (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:22)

ይህንን እኔ ልንገርህ። ለምሳሌ ባለ 1 ሊትር ዘይት በቀን 8 ይሸጣል እንበል። ዛሬ ቢታዘዝ ነገ ይደርሳል። ስለዚህ 8 ሲቀር ታዛለህ፣ ስምንቱ ሲያልቅ አዲሱ ይገባል። ክሩ 8 ላይ።

---

እናት ሱቅ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:40)

አይሆንም። በቀን 8 ማለት እኮ አንዳንዱ ቀን 5፣ አንዳንዱ ቀን 12 ማለት ነው። ክሩን 8 ላይ ካሰርክ፣ 12 የሚጠየቅበት ቀን ከሰዓት ላይ ዘይት የለህም፤ ነጭ ቦሎቄህን ይዘህ እንደገና ባጃጅ ትይዛለህ። የአንድ ቀን ሽያጭ መጠባበቂያ ጨምርበት። 8 ለመጠበቂያው ቀን፣ 8 ለመጥፎ ቀን። 16 ላይ እሰር።

ደግሞ ለሁሉ ዕቃ አታሳስራቸው። ሱቄ ውስጥ ሁለት መቶ ዓይነት ዕቃ አለ። ያስወጡኝ ግን አምስት ብቻ ናቸው። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ካርድ፣ ሻይ ቅጠል። አምስት ክር ይበቃል። ሃያ ክር ካሰርክ አንዱንም አታይም፣ ጌጥ ይሆናል።

---

ሐረር በር (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:55)

ትክክል። አንድ ልጨምር። ክሩ ራሱ ምንም አይሠራም፣ ክሩን ስትነካ የምታደርገው ነገር ነው የሚሠራው። እኔ ያየሁት ስህተት ይህ ነበር። ሰዎቹ ክሩን አሰሩ፣ ዕቃው ክሩ ጋ ሲደርስ አዩት፣ "ማታ እጽፈዋለሁ" አሉ። ማታ ረሱት። አሁን ከክሩ ላይ ትንሽ የካርቶን ቁራጭ አስንጠለጥላለሁ፣ "ዘይት" ተብሎ የተጻፈበት ወይም የዘይት ሥዕል ያለበት። ክሩ ጋ ስትደርስ ካርቶኑን ፈትተህ ኪስህ ውስጥ ትከታለህ። ጅምላ ቤት ስትሄድ ኪስህን ገልብጠህ የወጣውን ሁሉ ትገዛለህ። እናት ስኳርና ሳሙና ለየብቻ ሁለቴ የሄዱት በዚህ ነው የሚቀረው።

ክሩም ዝንት ዓለም አንድ ቦታ አይቆይም። ረመዳን ሲገባ ዘይቱ በቀን 8 ሳይሆን 14 ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ 28 ላይ ነው የሚታሰረው። መንገድ ከተዘጋና ዕቃ ሁለት ቀን የሚቆይ ከሆነም ወደ ላይ ከፍ ይላል። ክሩ የተሳሳተ መሆኑን የምታውቀው በቀላሉ ነው። ክር እያለው ነጭ ቦሎቄ ከጣልክ ክሩ ዝቅ ብሏል። አቧራ የለበሰ ዕቃ ከክሩ ጀርባ ካየህ ከፍ ብሏል፣ ብርህ እዚያ ተኝቷል።

---

ቀፊራ ማለዳ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:30)

እኔ ቀፊራ ቲማቲምና ሽንኩርት ነው የምሸጠው። ለቲማቲም ክር እሰሪ ልትሉኝ ነው? በዚህ ሙቀት መጠባበቂያ ባስቀምጥ ነገ ጭማቂ ይሆናል። እኔ በየማለዳው መውጣቴ ግዴታ ነው። ባይሆን ሽንኩርቱ ይቆይልኛል።

---

እናት ሱቅ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:42)

እውነቷን ነው። ለቲማቲም ክር የለም። እህቴ፣ ላንቺ ጊዜ የሚሄደው ማለዳ አይመስለኝም፣ ከሰዓት ነው። የተበላሸውን ከደህናው ስትለቅሚ ስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ?

---

ቀፊራ ማለዳ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:50)

ኧረ ተዪኝ። እየለቀምኩ እሸጣለሁ፣ እየሸጥኩ እለቅማለሁ።

---

የስልጠናው ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:00)

እሺ፣ የሻይ ሰዓት ካለፈ በኋላ ደግሞ 1 ሰዓት አለኝ። እዚያ ላይ ስለ ሂሳብና ስለ ዱቤ መዝገብ ላወራ ነው። ሁሉም "ጊዜ አጣሁ" የሚሉት ለዚህ ነው።

---

እናት ሱቅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:25)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ንገራቸው። ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንዱ ቢቋረጥም የማይከፋው ነው። ስኳር በግማሽ ኪሎ መቋጠር፣ መደርደሪያ መወልወል፣ ዕቃ ማስተካከል። ደንበኛ ሲመጣ ትተወዋለህ፣ ሲሄድ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ይህን ለፀጥታው ሰዓት ተወው። ከ3:30 እስከ 5 አካባቢ ሳቢያን ሰው አይመጣም፣ ያን ጊዜ እቋጥራለሁ።

ሌላው ሲቋረጥ የሚበላሽ ነው። የዱቤ ድምር። ሰባት ሰው ደምሬ ስምንተኛው ላይ "እንቁላል አለ?" ሲሉኝ ከአንድ ጀምሬ ነው የምደምረው። ይህ በክፍት በር አይሠራም፣ ስንት ዓመት ሞክሬዋለሁ። አሁን ከሰዓት ሱቁን በ10 ሰዓት የምከፍት ከሆነ በ9:30 እመጣለሁ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ግማሽ ሰዓት መዝገቡን እሠራለሁ። ሰው ያንኳኳል፣ አልከፍትም። መጀመሪያ ተቆጡ፣ አሁን ለመዱ።

---

ባጃጅ 3 (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:40)

9:30? በዚያ ሙቀት? ወላሂ ያን ሰዓት እኔ በርጫ ላይ ነኝ። ግማሽ ድሬ እዚያ ነው።

---

እናት ሱቅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:44)

ለዚያ ነው የእኔ ዱቤ የሚሰበሰበው።

---

የስልጠናው ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:00)

😂 ባጃጅ 3ን ግን አትናቁት፣ ትልቅ ጥያቄ አነሳ። ስልጠናው መቼ ይሁን? ጠዋት 2:30 ያልኩት የሽያጭ ሰዓታቸው ላይ ነው። ከሰዓት ደግሞ በርጫ አለ። ዓርብ ጁምዓ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አሉ።

---

ካልኩሌተር (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:10)

ለሁለት ክፈለው። ሁለት ከሰዓት፣ ከ8 እስከ 10። ሱቅ በተዘጋበት ሰዓት። ማንም ሽያጭ አያጣም።

---

ሐረር በር (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:25)

ሞክሬዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ግማሹ አይመጣም። ደግሞ 8 ሰዓት ላይ ማራገቢያ በሌለው አዳራሽ ውስጥ 20 ሰው ምን እንደሚመስል አንተ የድሬ ልጅ ነህ፣ አልነግርህም። እኔ ብሆን ማለዳ 12:30 ጀምሬ በ3:30 እጨርሳለሁ። ግማሽ ቀን ስለተባለ አራት ሰዓት መሙላት ግድ የለም።

---

እናት ሱቅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:31)

ማለዳ 12:30 እኔ ዳቦ ነው የምቀበለው። ልጅም ለትምህርት ቤት አዘጋጃለሁ። ለወንዶቹ ይመች ይሆናል።

---

የስልጠናው ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40)

እንግዲህ ሁሉንም የሚያስደስት ሰዓት የለም። ቆርቆሮውን ሳድል ራሳቸውን እጠይቃለሁ።

ሌላ የከበደኝ ቀይ ቦሎቄ የበዛባቸው ሰዎች ናቸው። ነጮቹ ክር ሲያስሩ እነሱ ምን ይሥሩ?

---

ቀፊራ ማለዳ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:00)

እኛ ቀፊራ ሦስት ሴቶች በተራ ነው የምንወጣው። ዛሬ እኔ ለሦስታችንም አመጣለሁ፣ ነገ እሷ። ሁለታችን ቦታችን ላይ እንቀራለን። ገንዘብ ባይጨምርልንም ጉዞው ሦስት የነበረው አንድ ሆኗል።

---

እናት ሱቅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:08)

ለአትክልት ጥሩ ነው። ለሱቅ ግን ጎረቤቴ እኔ በስንት እንደምገዛና ምን ያህል እንደምሸጥ ያውቃል ማለት ነው። ከእኔ በር አሥር እርምጃ ላይ ነው የሚሸጠው። እኔ አላደርገውም።

---

ቀፊራ ማለዳ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:15)

እኛም ጎን ለጎን ነው የምንሸጠው። ዋጋው ቀፊራ ላይ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነው። ምን ይደበቃል?

---

ሐረር በር (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:30)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ልለፈው። የስልጠናው ልጅ፣ ቀይ ጠረጴዛው ላይ አንተ አታስተምር። የማኅበሩን የብድር ሠራተኛ አስቀምጥላቸው። ግማሽ ኩንታል ስኳር የምትገዛበት ብድር ስንት ቀን ይፈጃል፣ እቁብስ ይሻላል ወይ፣ እሱን ያውሩ። አራት ጉዞ በሳምንት ወደ አንድ ከወረደ የባጃጁ ገንዘብ ራሱ ስንት እንደሚያድን አብረው ያስሉ።

አንድም ነገር ሳይዝ ማንም እንዳይወጣ። አምስት ክርና አምስት ካርቶን በእጁ ሰጥተህ ሸኘው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ቆርቆሮውን እንደገና ሰጥተህ ሦስት ቀን አስቆጥር። ያኔ ነው የሠራህ መሆን አለመሆንህን የምታውቀው።

---

የስልጠናው ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10:20)

ተመልሻለሁ። ረቡዕ ዕለት አደረግነው። በመጨረሻ የመረጡት ከጠዋቱ 3:30 እስከ 6:30 ነው፣ ፀጥ ባለው ሰዓት። ከ20ው 14 መጡ። ቆርቆሮ ይዘው የመጡት 9 ናቸው። አምስቱ "በልቤ ቆጥሬዋለሁ" አሉ። የአምስቱም መልስ "ሁለት ወይ ሦስት" ነበር።

ቆርቆሮ ከያዙት ውስጥ ትንሹ 4 ፍሬ፣ ትልቁ 17 ፍሬ ነበረው። ባለ 17ቱ ሰውዬ ፍሬዎቹ ጠረጴዛው ላይ ሲፈሱ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ይኼ ሁሉ ባጃጅ!" አለ። ከ17ቱ 12ቱ ቀይ ናቸው። ከብድር ሠራተኛዋ ጋር እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ቀረ።

ክር ማሰሩን በካርቶን ሣጥን ላይ ተለማመድን። እዚህ ላይ ጊዜ አለቀብኝ፣ አዎ፣ በጊዜ አያያዝ ስልጠና ላይ ጊዜ አለቀብኝ። ስለ ዱቤ መዝገብ የተናገርኩት 20 ደቂቃ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ላይ ትውውቁን ጨርሶ አወጣዋለሁ። ሚስማሩን ልብስ ሰፊዎቹ ወደዱት።

---

መርፌና ክር (እሑድ፣ ከቀኑ 10:45)

እኔም መትቻለሁ። ሐሙስ ላይ አምስት ጨርቅ ሰቅያለሁ ግን። የአማቴ ነው፣ ምን ልበላት?

---

ባጃጅ 3 (እሑድ፣ ከቀኑ 10:52)

እናት፣ የአንቺስ ሁለተኛው ቆጠራ ስንት ሆነ? ሥራዬ እየቀነሰ ነው መሰለኝ።

---

እናት ሱቅ (እሑድ፣ ከቀኑ 11:30)

በመጀመሪያው ቀን 2 ነጭ፣ 1 ቀይ። ሁለቱ ነጮች ካርድ ናቸው፣ የካርዱን ክር የት እንደማስረው አጥቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን 1 ቀይ ብቻ። በሦስተኛው ቀን መቁጠር አልቻልኩም። የቤታችን ልጅ መጠባበቂያውን ቦሎቄ ከባንኮኒው ሥር አንስታ ቀቅላዋለች። ቆርቆሮው ውስጥ የነበረውን ሳይቀር። አሁን በቆርኪ ነው የምቆጥረው።